የቅናሽ ማስታወቂያ ወይስ የጉግል ፍለጋ? ደንበኞችን በባች ከፍሎ ዘመቻን መምረጥ

አንድ ማስታወቂያ በ3,000 ዶላር 200 አዳዲስ ደንበኞችን አመጣ። ሌላው በዚያው 3,000 ዶላር 100 ብቻ አመጣ። አንዱን አቁሙ ብትባሉ የትኛውን ታቆማላችሁ? አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ያቆማል። እኔም ለአንድ ትንሽ ሱቅ ማስታወቂያ ስሠራ እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ። ከስድስት ወር በኋላ የሱቁን የሽያጭ መዝገብ ስንከፍት ተመላልሰው የሚገዙት ደንበኞች ባብዛኛው ካቆምኩት ማስታወቂያ የመጡት ሆነው ተገኙ። ያ ስሕተት የሱቁን ባለቤት ገንዘብ አስከፍሏታል። ስለዚህ ምርጫው እንዴት መደረግ እንዳለበት ከነስሌቱ ላስቀምጥ።

ምሳሌያችን በአሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ በፖስታ የሚልክ የቤተሰብ ሱቅ ይሁን። ደንበኞቹ በየግዛቱ የተበተኑ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ዶሮ ወጥ በቤቱ መሞከር የጀመረ አሜሪካዊ ናቸው። ሱቁንና ቁጥሮቹን ስሌቱ እንዲቀል ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ ቀናቱና በዓላቱ ግን እውነተኛ ናቸው።

ሱቁ በማርች 2025 ሁለት ዘመቻዎች አካሄደ። የመጀመሪያው በፌስቡክ ላይ ለመጀመሪያ ግዢ የ12 ዶላር ቅናሽ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ሰው ጉግል ላይ በርበሬ ብሎ ሲፈልግ የሚወጣ ማስታወቂያ ነው፤ ቅናሽ የለውም። አንድ ትዕዛዝ በአማካይ 50 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ የዕቃው፣ የማሸጊያው፣ የፖስታውና የካርድ ክፍያው ሲቀነስ ለሱቁ 18 ዶላር ይቀረዋል። ቅናሽ የወሰደው ደንበኛ ግን 38 ዶላር ከፍሎ ለሱቁ የሚተውለት 6 ዶላር ነው።

የማስታወቂያው ገጽ የሚያሳየው `ROAS` የሚባለውን ቁጥር ነው፤ ሽያጩን ለማስታወቂያው በወጣው ገንዘብ ያካፍላል። ለቅናሹ 7,600 ለ3,000 ሲካፈል 2.53 ይሆናል። ለፍለጋው 5,000 ለ3,000 ሲካፈል 1.67 ነው። በዚህ መስፈርት ቅናሹ በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል። ይህ ቁጥር ግን ሁለት ነገሮችን አያይም። አንደኛ የሚቆጥረው ሽያጭን እንጂ የሚቀረውን ትርፍ አይደለም። ሁለተኛ ደንበኛው ነገ ይመለስ አይመለስ አያውቅም።

ባች ማለት እዚህ ምን ማለት ነው

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ባች ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አብረው የገቡ፣ አብረው የሚቆጠሩ ናቸው። ባለሙያዎቹ ኮሆርት የሚሉት ይህንኑ ነው። በአንድ ወር፣ በአንድ ዘመቻ የመጀመሪያ ግዢያቸውን የፈጸሙ ሰዎች አንድ ባች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ግዢ ሁሉ በዚያው ባች ስም ይመዘገባል። በሜይ በኢሜይል ተጠርቶ ቢገዛም፣ በኦገስት በቀጥታ ድረ ገጹን ከፍቶ ቢገዛም፣ በማርች የቅናሽ ባች የገባ ሰው እስከ መጨረሻው የዚያ ባች አባል ነው።

የባቹ ዕድሜ የሚቆጠረው ከእያንዳንዱ ሰው የመጀመሪያ ግዢ እንጂ ከወሩ መጀመሪያ አይደለም። ማርች 2 የገዛና ማርች 31 የገዛ ሰው 90ኛ ቀናቸው ይለያያል። የማርች ባች በሙሉ 90 ቀን ሞላው የምንለው የመጨረሻው ሰው ሲሞላው ማለትም ጁን 29 ነው። 180 ቀን የሚሞላው ደግሞ ሴፕቴምበር 27 ነው። ከዚያ በፊት የተወሰደ ቁጥር ያልበሰለ ነው፤ ገና ለመመለስ ጊዜ ያላገኙ ሰዎችን እንዳልተመለሱ አድርጎ ይቆጥራል።

ለዚህ ሥራ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። የትዕዛዝ መዝገባችሁን ወደ ጉግል ሺትስ አውጡና አራት ዓምዶች ይኑሩት፤ `A` የደንበኛ መለያ፣ `B` የትዕዛዝ ቀን፣ `C` ከዚያ ትዕዛዝ የቀረው ትርፍ፣ `D` ትዕዛዙ የመጣበት ዘመቻ። ዘመቻው የሚታወቀው በማስታወቂያው ሊንክ ላይ የዘመቻውን ስም፣ ለምሳሌ `utm_campaign=fb_discount`፣ ጨምራችሁ ከላካችሁት ነው። ቀጥሎ ያሉት አራት ቀመሮች `E2`፣ `F2`፣ `G2` እና `H2` ላይ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ ታች ይጎተታሉ።

```
=MINIFS(B:B,A:A,A2)
=B2-E2
=INDEX(FILTER(D:D,A:A=A2,B:B=E2),1)
=G2&"_"&TEXT(E2,"yyyymm")
```

የመጀመሪያው የደንበኛውን የመጀመሪያ ግዢ ቀን ያወጣል፤ ሁለተኛው ይህ ትዕዛዝ በስንተኛው ቀን እንደመጣ፣ ሦስተኛው ደንበኛውን ያመጣውን ዘመቻ፣ አራተኛው የባቹን ስም። ከዚያ የአንድ ባች የ90 ቀን ትርፍ በደንበኛ እንዲህ ይወጣል፦

```
=SUMIFS(C:C,H:H,"fb_discount_202503",F:F,"<=90")
 /COUNTUNIQUEIFS(A:A,H:H,"fb_discount_202503")
```

አካፋዩን አስተውሉ። የሚካፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ገዝተው ለጠፉትም ጭምር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ለተመለሱት ብቻ ያካፍልና ደንበኞቼ ታማኞች ናቸው ይላል። ማስታወቂያው ገንዘብ የበላው ግን ለጠፉትም ነው።

ሁለቱ ዘመቻዎች በእኩል ዕድሜ

በቅናሹ ባች ውስጥ እስከ 90ኛው ቀን 40 ተጨማሪ ትዕዛዞች መጡ፤ ከዚያ እስከ 180ኛው ቀን 30። በፍለጋው ባች እስከ 90ኛው ቀን 45፣ ከዚያ እስከ 180ኛው 40። ተመላሽ ትዕዛዝ ሁሉ ያለ ቅናሽ ስለሆነ እያንዳንዱ 18 ዶላር ይተዋል። ከዚህ በታች ያለው ትርፍ ሁሉ በአንድ ደንበኛ የተደመረ ነው።

| | ቅናሽ (ፌስቡክ) | ፍለጋ (ጉግል) |
|---|---|---|
| አዳዲስ ደንበኞች | 200 | 100 |
| አንድ ደንበኛ ለማምጣት የወጣ | 15.00 ዶላር | 30.00 ዶላር |
| ትርፍ በመጀመሪያ ግዢ | 6.00 | 18.00 |
| ትርፍ እስከ 90 ቀን | 9.60 | 26.10 |
| ትርፍ እስከ 180 ቀን | 12.30 | 33.30 |

የቅናሹ ደንበኛ በግማሽ ዋጋ ገባ፤ በስድስት ወር ውስጥ ግን የመጣበትን 15 ዶላር አልመለሰም። በእያንዳንዱ ሰው ላይ 2 ዶላር ከ70 ሳንቲም ጉድለት አለ። ውድ የተባለው የፍለጋ ደንበኛ 30 ዶላሩን መልሶ 3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ጨምሯል። በማስታወቂያው ገጽ ላይ ያየነው ደረጃ ተገለበጠ።

ጉድለቱ ከየት እንደመጣ መለየት ግን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ይለያያል። ቅናሹ ከመጀመሪያው ግዢ ላይ 12 ዶላር ወስዷል። ይህ ከስድስት ወሩ ጉድለት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የተመለሱት ጥቂት ናቸው፤ ከ200 ሰው 24፣ ማለትም 12 በመቶ። ከፍለጋው 100 ሰው የተመለሱት 34 ናቸው። እነዚያ 24 ሰዎች ግን 70 ጊዜ አዝዘዋል፤ በነፍስ ወከፍ ከፍለጋው ተመላሾች ትንሽ ይበልጣሉ። ስለዚህ ቅናሽ የሚያመጣው ሰው ሁሉ ርካሽ ፈላጊ ነው ማለት አይቻልም። በመካከላቸው በርበሬውን የወደዱ አሉ፤ ችግሩ እነሱን ለማግኘት ለ176 ሌሎች ሰዎች ቅናሽ መከፈሉ ነው። እኔ ብሆን ዘመቻውን ከማጥፋቴ በፊት 12 ዶላሩን ከመጀመሪያው ግዢ ወደ ሁለተኛው አዛውረው ነበር። ለሚመለስ ሰው ብቻ ይከፈላል፤ ባቹም እንደ አዲስ ይለካል።

በዚህ መጠን ያለ ልዩነት የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል? ለመቶኛ የሚሆን ቀላል ልክ አለ። 34 በመቶ ከ100 ሰው የተገኘ ከሆነ እውነተኛው ቁጥር በግምት ከ25 እስከ 43 ሊሆን ይችላል። 12 በመቶ ከ200 ሰው የተገኘ ከሆነ በግምት ከ7 እስከ 17። ሁለቱ ስፋቶች አይነካኩም፤ ስለዚህ ልዩነቱ እውነት ነው ብዬ እወስዳለሁ። ባቹ 20 ሰው ቢሆን ኖሮ ግን ምንም አልልም ነበር፤ የሁለትና የሦስት ወር ባቾችን አንድ ላይ ደምሬ እጠብቃለሁ።

ትርፉ በጥቂት ሰዎች ላይ መንጠልጠሉን ማየትም አይቀርም። አንድ ምግብ ቤት በፍለጋ መጥቶ በየወሩ 10 ኪሎ በርበሬ ቢወስድ የዚያን ባች አማካይ ብቻውን ሽቅብ ይጎትተዋል። እንዲህ ያለውን ደንበኛ አውጡና ለብቻው መዝግቡት፤ ያለ እሱ አሸናፊው ከተቀየረ፣ ስታወዳድሩ የነበረው ዘመቻዎችን ሳይሆን ያንን አንድ ምግብ ቤት ነበር ማለት ነው።

30፣ 90 ወይስ 180 ቀን?

የመለኪያው ርዝመት የሚመረጠው በዕቃው ነው። ኪሎ በርበሬ የገዛ ቤተሰብ በ30 ቀን አይጨርሰውም፤ በ30 ቀን ብንለካ ከመጀመሪያው ግዢ ውጭ የምናየው ነገር እምብዛም ነው። የራሳችሁን ልክ ለማግኘት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የገዙ ነባር ደንበኞችን ውሰዱ። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ግዢ ያለፉትን ቀናት ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ። ከዝርዝሩ ሦስት አራተኛው የሚያልቅበት ቀን መለኪያችሁ ይሁን። የተቆላ ቡና ለሚሸጥ ሰው ይህ ከሁለት ወር ሊያንስ ይችላል፤ ለበርበሬ ይረዝማል። 365 ቀን ከሁሉ የተሻለ እውነት ይነግራል፤ ነገር ግን በጀት ለመወሰን አንድ ዓመት የሚጠብቅ ትንሽ ሱቅ የለም። ለዚህ ሱቅ ውሳኔው በ180 ቀን፣ የመጀመሪያው ምልክት በ90 ቀን ቢሆን ይበቃል።

የ90 ቀኑን ቁጥር ወደ 180 ለመገመት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሱቁ በጁን ሦስተኛ ዘመቻ ጀመረ እንበል። እናት በርበሬ ስታዘጋጅ የሚያሳይ የፌስቡክ ቪዲዮ ነው፤ ቅናሽ የለውም። 2,000 ዶላር ወጥቶ 100 ደንበኞች መጡ፤ ለአንድ ሰው 20 ዶላር። በ90 ቀን ውስጥ 15 ተጨማሪ ትዕዛዞች ስለመጡ ትርፉ በአንድ ደንበኛ 18 ሲደመር 2 ዶላር ከ70፣ ማለትም 20 ዶላር ከ70 ሆነ።

ለመገመት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሙሉውን ማባዛት ነው። በማርች ባቾች የ180ው ቀን ትርፍ ከ90ው 1.28 እጥፍ ነበር፤ ስለዚህ 20.70 በ1.28 ሲባዛ 26 ዶላር ከ50 ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው፤ የመጀመሪያው ግዢ 18 ዶላር አንዴ ገብቷል፣ ከእንግዲህ አያድግም። የሚያድገው ከተመላሽ ትዕዛዝ የሚመጣው ብቻ ነው። በማርች ባቾች የተመላሹ ክፍል ከ90 ወደ 180 ሲሄድ በቅናሹ 1.75፣ በፍለጋው 1.89 እጥፍ ሆኖ ነበር። ስለዚህ 2 ዶላር ከ70 ወደ 4.70 ወይም 5.10 ያድጋል፤ አጠቃላዩም 23 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ከመጀመሪያው መንገድ 3 ዶላር ከ50 ያህል ያንሳል፤ 20 ዶላር ለወጣበት ደንበኛ ይህ ልዩነት ከሚጠበቀው ትርፍ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የእኛ የቀን መቁጠሪያ ይገባል፤ ከሌላ ገበያ የተቀዳ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም። ፋሲካ በ2025 ኤፕሪል 20 ላይ ስለዋለ ማርች በሙሉ በሁዳዴ ውስጥ ነበር። የማርች ባች ሽሮ እየገዛ ገባ፤ ከዚያ ለፋሲካ በርበሬ ፈለገ። ከባቹ ለሚበዛው ሰው በሁለተኛው 90 ቀን መጨረሻ ደግሞ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 መጣች፤ ባቹ 180 ቀኑን የሞላው በመስቀል ዕለት ነው። የጁን ባች ግን ባብዛኛው እንቁጣጣሽን ያገኛት በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ነው፤ ቀጣዩ 90 ቀን ዲሴምበር 27 ላይ ገናን ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ ከማርች የወሰድነው 1.75 ወይም 1.89 ለጁን ባች ጣሪያ እንጂ ግምት አይደለም። ሽያጩ ከበዓል ጋር የሚለዋወጥ ዕቃ የሚሸጥ ሰው በአንድ ወር የገቡ ባቾችን እርስ በርስ ቢያወዳድር ይሻለዋል፤ የተለያየ ወር ማወዳደር ግድ ሲሆን በየትኛው 90 ቀን የትኛው በዓል እንደወደቀ ከጎኑ ይጻፍ።

ሠንጠረዡን ከማመናችሁ በፊት

ሁለት ነገሮች ባቹን ከሥሩ ያበላሻሉ።

የመጀመሪያው የሱቁ ስም ነው። ሰው የፌስቡኩን ቪዲዮ አይቶ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከጓደኛው ሰምቶ፣ ቤቱ ገብቶ የሱቁን ስም ጉግል ላይ ይጽፋል፤ ከላይ የወጣውን ማስታወቂያ ይነካል፤ በመዝገቡ የፍለጋ ደንበኛ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ማስታወቂያው ባይኖርም ይመጣ ነበር፤ ደግሞም ተመላሽ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ከ100ው የፍለጋ ደንበኞች 20ዎቹ ስሙን ጽፈው የመጡ ቢሆኑና ለእነሱ የወጣው 100 ዶላር ብቻ ቢሆን፣ የቀሩት 80 ሰዎች በ2,900 ዶላር መጡ ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው 36 ዶላር ከ25 ሳንቲም። የ180 ቀኑ ትርፍ 33 ዶላር ከ30 ነበር፤ ተመላሾቹ 20ዎቹ ሲወጡ ደግሞ ይቀንሳል። አሸናፊ ያልነው ዘመቻ ወደ ጉድለት ገባ። ስለዚህ የሱቁን ስም የሚይዘው ፍለጋና በርበሬ የሚለውን ቃል የሚይዘው ፍለጋ ከመጀመሪያው በተለያየ ዘመቻ፣ በተለያየ `utm_campaign` ይሂዱ። ክፍያ ላይ «ስለ እኛ ከማን ሰሙ?» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመርም ሊንክ የማይዘውን የሰው ወሬ ያሳያል።

ሁለተኛው የተደጋገመ ሰው ነው። የመጀመሪያ ግዢ ቅናሽ ያለበት ሱቅ ውስጥ አንድ ቤተሰብ በባል ኢሜይል፣ ከዚያ በሚስት ኢሜይል፣ ቀጥሎ በልጅ ኢሜይል ሲገዛ ሦስት አዲስ ደንበኞች ሆኖ ይቆጠራል። ይህ የቅናሹን ቁጥር ሁለት ጊዜ ያዛባል፤ ደንበኞቹን ያበዛል፣ ተመላሾቹን ያሳንሳል። ስለዚህ `A` ዓምድ ላይ ኢሜይል አታድርጉ፤ ስልክ ቁጥር አድርጉ፣ የመላኪያ አድራሻ አንድ የሆኑትንም አንድ መለያ ስጧቸው። ካስተካከላችሁ በኋላ የቅናሹ ባች ከ200 ወደ 170 ቢወርድ አይግረማችሁ፤ ያን ጊዜ አንድ እውነተኛ አዲስ ደንበኛ 17 ዶላር ከ65 ነው ያስወጣው።

ፌስቡክና ጉግል የሚያሳዩት የሽያጭ ቁጥር ከመዝገባችሁ ጋር ባይገጥም ምክንያቱ የታወቀ ነው። ፌስቡክ ካልተቀየረ በቀር ማስታወቂያውን በነካ በ7 ቀን፣ አይቶ ባለፈ በ1 ቀን ውስጥ የገዛን ሁሉ የራሱ ያደርጋል። ጉግል ከነካ በኋላ እስከ 30 ቀን ይቆጥራል። ሁለቱንም የነካ ሰው በሁለቱም ዘንድ አለ። አዳዲስ ደንበኞችን ከራሳችሁ መዝገብ ቁጠሩ፤ ከእነሱ የምትወስዱት የወጣውን ገንዘብ ብቻ ይሁን።

ታዲያ የትኛው?

ምርጫው በአንድ ደንበኛ ሳይሆን በአንድ ዶላር ይሁን። ፍለጋው ስሙ ተለይቶ ከወጣም በኋላ በሰው 3 ዶላር ከ30 የሚተርፈው ከሆነ፣ 3,000 ዶላር በስድስት ወር 330 ዶላር ጨመረ ማለት ነው። ቪዲዮው ጣሪያውን ከደረሰ በ3,000 ዶላር 150 ሰው አምጥቶ ከ400 እስከ 470 ዶላር ያህል ሊጨምር ይችላል፤ ካልደረሰ ግን ከፍለጋው በታች ሊወርድ ይችላል። የአሁኑ ቅናሽ በ3,000 ዶላር 540 ዶላር ያጎድላል።

እኔ የምወስነው እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ግዢ ቅናሹ ይቆማል፤ በትንሽ በጀት የሁለተኛ ግዢ ቅናሽ ሆኖ በአዲስ ባች ይሞከራል። ፍለጋው ባለበት ይቆያል፤ በርበሬ ፈልገው የሚመጡት ሰዎች ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ በጀቱ ቢጨምርም ሰዎቹ ያን ያህል አይጨምሩም፤ የአንዱ ዋጋ ነው የሚጨምረው። ከቅናሹ የተረፈው ገንዘብ ግማሹ ወደ ቪዲዮው ይሄዳል፤ ግማሹ የጁን ባች 180 ቀኑን እስከሚሞላበት እስከ ዲሴምበር 27 ድረስ ሳይነካ ይቀመጣል። ያን ዕለት የባቹ ትርፍ በአንድ ደንበኛ 22 ዶላር ከ20 ሳንቲም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቪዲዮው ከፍለጋው እኩል ወይም የተሻለ ነው፤ የተቀመጠው ግማሽ ወደ እሱ ይጨመራል።